ቪዲዮውን ከማስተላለፋችሁ በፊት ፍሬሙን ፈልጉ

ውድ አባላት፣

በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) የሌሊት ፍንዳታ የሚያሳይ ቪዲዮ «ዩክሬን» ተብሎ ተሰራጭቶ ነበር። ቪዲዮው ግን በነሐሴ 2015 በቻይናዋ ቲያንጂን ወደብ የደረሰው ፍንዳታ ነው። እንዲህ ያለውን ለመለየት ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው ስክሪንሾት አንስቶ በምስል መፈለጊያ መፈለግ ይበቃል፤ ዋናው ነገር የትኛውን ቅጽበት እንደምትመርጡ ነው።

ሁሉም ሰው የሚያነሳው እሳቱ ሲንቦገቦግ ያለውን ነው። እሱ አይጠቅምም፤ እሳት ከየትኛውም እሳት ጋር ስለሚመሳሰል መፈለጊያው የማይገናኙ ፎቶዎች ያመጣል። ከፍንዳታው በፊት ወይም በኋላ ሕንፃ፣ ታፔላ ወይም የሰማዩ ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታይበት ላይ አቁሙና ሦስት አራት ፍሬም ያዙ። የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ የቲክቶክ ምልክቱንና ጥቁር ጠርዙን ቁረጡ፤ ካልተቆረጠ ፍለጋው ጽሑፉን ይከተላል።

ከዚያ ፍሬሞቹን በጎግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ የምስል መፈለጊያዎች ፈልጉ። ሦስቱም የሚያገኙት ስለሚለያይ በአንዱ ብቻ አትቁሙ። ቲንአይ ላይ Oldest የሚለውን ስትመርጡ መጀመሪያ ያገኘውን ያስቀድማል። ክስተቱ ደረሰ ከተባለበት ቀን በፊት የወጣ አንድ ቅጂ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ቀኑን ግን ገጹን ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ አንዳንዴ አዲስ ፎቶ በአሮጌ ገጽ ጎን ይለጠፋል።

ምንም ካልተገኘ ፍሬሙን በስልኩ የፎቶ ማስተካከያ ግራ ቀኙን ገልብጣችሁ ድገሙት፤ አሳሳቾች ቪዲዮን እንደ መስታወት መገልበጥ ይወዳሉ። ያኔም ካልመጣ «አልተረጋገጠም» ማለት እንጂ «እውነት ነው» ማለት አይደለም።