ስለ ባለሀብቶች ስላይድ ትርጉም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ለቡሬው የዱቄት ፋብሪካችን የተዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ስላይድ ከአማርኛው ጋር ሳመሳክር፣ «የ2016 በጀት ዓመት» የሚለው 2016 ተብሎ እንዳለ በመቅረቱ፣ የውጭ አንባቢ ሽያጩን የቆየ አድርጎ እንደሚወስደው ተረድቻለሁ። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ስለሆነ፣ ይኸውም በጎርጎርዮሳዊው ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛው 2023/24 ተብሎ ይጻፍ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን 12,500 ኩንታል «12,500 ቶን» መባሉ ነው፤ ትክክሉ 1,250 ቶን ሲሆን፣ ስሕተቱ ምርታችንን አሥር እጥፍ ያጋንናል። ግራፎቹ በምስል መልክ የገቡ ስለሆኑ ጽሑፉ ሲታረም አብረው አይታረሙም፤ ስለዚህ ከሠንጠረዡ እንደገና ይሠሩ። ገንዘቡ በሁለቱም ቋንቋ በብር ይቆይ፤ የዶላር ግምት ከተጨመረ የምንዛሪው ቀን አብሮ ይገለጽ።