ለወዳጄ፣ ስለ መሰናክል ሩጫ ማሟሟቂያ

ጅማ፣ ኅዳር

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ እናትህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ምን ያህል ተጠፋፋን! መልእክትህ ሲደርሰኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሰላምታህን ጨርሰህ ወዲያው ስለ ተማሪዎችህ ስትጽፍ ደግሞ ያው አንተው ነህ አልኩ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ዘጠነኛ ክፍሎችህ ሜዳውን ሁለት ዙር ይሮጣሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘርግተው ይሳሳባሉ። ከዚያ መሰናክሉ ፊት ይሰለፋሉ። ልጁ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንስና የጎረቤት አጥር እንደሚዘል ሰው ተንጠልጥሎ ያልፋል። አንዷ ልጅ ደግሞ የጭኗ የኋላ ጡንቻ ይዟት ወጣች። «ማሟሟቂያው አንሶ ይሆን?» ብለሃል።

አላነሰም። ግን ለሌላ ሥራ የሚሆን ማሟሟቂያ ነው። በመሰናክል ሩጫ መሪው እግር በሙሉ ፍጥነት ወደ ፊት ሲወረወር የጭን የኋላ ጡንቻ በቅጽበት ይለጠጣል። ተከታዩ እግር ደግሞ ጉልበቱ ታጥፎ ወደ ጎን ተከፍቶ ነው የሚያልፈው። ዳሌ እንዲህ የሚከፈትበት ሌላ ሩጫ የለም። ሁለት ዙር ሶምሶማ ሁለቱንም አይነካም። ቁጭ ብሎ መሳሳቡ ደግሞ የሞቀውን ሰውነት መልሶ ያቀዘቅዘዋል። አንድን ጡንቻ ከደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ከሩጫው በፊት ጉልበቱን ትንሽ ይቀንሰዋል። ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ቢሆንም ቦታው የክፍለ ጊዜው መጨረሻ ነው።

እኔ አሁን የምሠራበት መንገድ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከዚያ በላይ አይፈቅድም።

መጀመሪያ ልብን ማንሳት ነው። ዙር ማስሮጥ ትቻለሁ። ዙር ከሆነ ጎበዞቹ ውድድር ያደርጉታል፣ ደካሞቹ ትንፋሽ አጥተው ይመጣሉ፣ መሐል ያሉት ወሬ ይይዛሉ። በዚያ ላይ እዚህ ከጅሬን በኩል በእግሩ ወርዶ የሚመጣ ልጅ ሞቆ ነው የሚደርሰው፤ በባጃጅ የመጣው ገና እንቅልፉ አልለቀቀውም። ለሁለቱም እኩል የሚሆን ዙር የለም። ስለዚህ ቀጫጭን እንጨቶች መሬት ላይ አጋድሜ መስመር እሠራለሁ። ልጆቹ በየመስመራቸው እንጨቱን እየተሻገሩ በሶምሶማ ይሄዳሉ፣ በጎን ሩጫ ይመለሳሉ፣ ቀጥሎ ጉልበት እያነሱ እየነጠሩ ይሄዳሉ። አራት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እግራቸው የሆነ ነገር መሻገርን ይለምዳል።

መሞቃቸውን በላብ አልለካም። የጅማ አየር እርጥበት አለው፤ ልጁ ሳይሞቅም ሊያልበው ይችላል። አንገታቸው ላይ ሁለት ጣት አድርገው አሥር ሰከንድ የልብ ምታቸውን እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። ከ20 እስከ 24 ከቆጠሩ በደቂቃ ከ120 እስከ 144 ገደማ ነው። ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ነው። ከ28 በላይ የቆጠረ ልጅ ካለ ተሽቀዳድሟል ማለት ነው፤ ትንሽ ይራመድ። መቁጠር ካስቸገራቸው አናግራቸው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ግን መዝፈን ካቃታቸው ልክ ናቸው።

ቀጥሎ መገጣጠሚያ ነው። ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ አንተም እዚህ ላይ ብትቆይ ደስ ይለኛል። ቁርጭምጭሚቱን በፍጥነት እጨርሳለሁ፦ በተረከዝ መራመድ፣ በጣት መራመድ፣ አለቀ። ከዚያ የጓደኛቸውን ትከሻ ይዘው እግር ያወዛውዛሉ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሥር፣ ወደ ጎን አሥር። ውዝወዛው ከትንሽ ይጀምርና በየጊዜው ይጨምር። ከመጀመሪያው እግሩን ሽቅብ የሚወረውር ልጅ ጡንቻውን ሊጎዳ ይችላል። ወገቡ ጎብጦ እግሩ ከፍ ካለ ደግሞ የሚሠራው ዳሌው ሳይሆን ጀርባው ነው።

አሁን ወደ ተከታዩ እግር። ከሜዳችን ዳር የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ። ልጁ ሁለት እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ ትንሽ ጋደል ብሎ ይቆማል። በተከታዩ እግር በኩል፣ ከጎኑ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ መሰናክል አስቀምጥለት። እግሩን ከኋላ ያነሳል፤ ተረከዙ ወደ መቀመጫው ይጠጋል፤ ጉልበቱ ወደ ጎን ተከፍቶ በእንጨቱ ላይ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ብብቱ አቅጣጫ ወጥቶ ከፊት ለፊቱ ይወርዳል። በእያንዳንዱ እግር ስምንት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ፈጣን ናት። ግን ሁልጊዜ በተከታዩ እግሯ እንጨቱን ትጥላለች። ከጎን ሆኜ ሳያት ምንም አይታየኝም ነበር። ከፊት ለፊቷ ሄጄ ስቆም ታየኝ። ጉልበቷ በደንብ ይከፈታል፤ የእግሯ ጣት ግን ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። እንጨቱን የምትነካው በዚያ ጣት ነው። «ጣትሽን ወደ ቅልጥምሽ ሳቢ» አልኳትና ዛፉ ጋ ደጋግማ ሠራችው። ሜዳው ላይ እንጨቱ መውደቅ አቆመ። አንተም ከፊት ቁም። እግሩ በእንጨቱ ላይ ሲያልፍ ጭኑ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆኑን፣ ጣቱ ወደ ውጭ መዞሩን፣ ከጉልበቱ በታች አለመውረዱን እይ። ጉልበቱ ወደ ጎን ካልተከፈተና ከሆዱ ሥር ካለፈ ልጁ ከፍ ብሎ መዝለል ግድ ይሆንበታል። ያ አጥር መዝለል ያልነው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከዚህ በኋላ ተራው የፍጥነት ነው። በቁርጭምጭሚት ብቻ አጫጭር ዝላይ፣ አሥር አሥር ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሠላሳ ሜትር ሦስት ጊዜ፦ የመጀመሪያው በግማሽ ኃይል፣ ሁለተኛው ጠንከር ያለ፣ ሦስተኛው ሙሉ ሊሆን ጥቂት የቀረው። በመካከሉ በእርምጃ ይመለሱ። ልጅቷን ጡንቻዋ የያዛት እዚህ ጋ ባለው ክፍተት ይመስለኛል። ከተቀመጠችበት ተነስታ በቀጥታ ሙሉ ፍጥነት ገባች፤ መወጣጫ ደረጃ አልነበራትም። ያቺ ልጅ ሕመሙ ሳይለቃት በማሟሟቂያ ይሻላታል ብለህ አታስሩጣት። ማሟሟቅ የተጎዳ ጡንቻ አያድንም። ያለ ሕመም በፍጥነት መራመድና ሶምሶማ መሮጥ እስክትችል ትረፍ፤ ካልሻላት ወደ ጤና ባለሙያ ላካት።

ፍርሃትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። ልጆቻችን መሰናክል ሲባል የሚታያቸው ለሜቻ ግርማ ነው። እሱ የሚሮጠው የ3000 ሜትር መሰናክል ግን ቢነካም አይወድቅም። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ እንዴት እንደወደቀ ልጆቹ አይተዋል። የአጭር ርቀት መሰናክል ሲነካ የሚወድቅ መሆኑን በቃል ብትነግራቸው አያምኑህም። ስለዚህ ማሟሟቂያው ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በጉልበቱ ገፍቶ እንጨቱን እንዲጥል አደርጋለሁ። እኔ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን ቀላል የፕላስቲክ ቱቦ ነው የምጠቀመው፤ በሁለት ቋሚዎች ላይ በምንም ሳይታሰር ይቀመጣል፣ በሩጫው አቅጣጫ ይወድቃል። እንጨትህን በምስማር ወይም በገመድ ካሰርከው ዛሬውኑ ፍታው። እውነተኛ መሰናክል ካላችሁ ደግሞ እግሩ ወደ ሯጩ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከቆመ አይገለበጥም።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የመሰናክሉ ናቸው። አንድ መሰናክል ብቻ፣ ዝቅ ያለ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ ሦስት መሰናክል። ቁመቱ ለጀማሪ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በመካከል ሦስት እርምጃ እንዲሮጡ ነው የምንፈልገው። የእኔዎቹ በኦሮምኛ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ ከዚያ መሻገር። ቆጠራው ሲቆራረጥ በጆሮህ ታውቀዋለህ። አራተኛ እርምጃ የጨመረ ልጅ ርቀቱ ረዝሞበታል። የትልልቆቹ ሴቶች መደበኛ ርቀት 8.5 ሜትር፣ የወንዶቹ 9.14 ሜትር ነው፤ ያንን ለልጆችህ አትስጥ። ሦስት መስመር ሥራ፤ በ6፣ በ6.5 እና በ7 ሜትር። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት እርምጃው የሚመጣለትን መስመር ይምረጥ። ርቀቱ ሲስማማ ሳትነግራቸው ይፈጥናሉ።

አሁን ትልቁን ጣጣ ልንገርህ። ስልሳ ልጅ ይዘህ በአንድ መስመር ካሰለፍክ የኋለኛው ተራው እስኪደርስ የሞቀው ሁሉ ይበርዳል። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ከሆነማ በፍጥነት ነው የሚበርደው። ሦስቱ መስመሮች ለዚህም ይጠቅማሉ። የሚጠብቁት ደግሞ አይቁሙ፤ በእርምጃ ሲመለሱ ከዳር ባስቀመጥኩት መሰናክል ላይ ተከታይ እግራቸውን አራት ጊዜ አሳልፈው ነው የሚሰለፉት። መድከማቸውንም ተከታተል። ጉልበት መውረድ ሲጀምርና እግር መሬቱን በጩኸት ሲመታ በቃ ነው፤ ማሟሟቂያው ራሱ ሥራ ሆኖባቸዋል።

ዝናብ ከዘነበ እንጨት አላቆምም። እርጥብ ሣር ላይ ከመሰናክል የሚወርደው እግር ይንሸራተታል፤ ብሽሽት የሚጎዳው እንደዚያ ነው። በረንዳ ሥር የዛፉን ልምምድ ግድግዳ ይዘው ይሠራሉ፤ ያን ቀን ሌላው ይቀራል።

እስቲ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜህ ዙሩንና ቁጭ ብሎ መሳሳቡን ተውና ይህን ሞክር። ስንቶቹ በየትኛው መስመር ሦስት እርምጃ እንደመጣላቸው ጻፍልኝ፤ የእኔዎቹ አብዛኞቹ 6.5 ላይ ናቸው። የልጅቷንም ነገር አሳውቀኝ፤ አሳስባኛለች። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጥር ላይ ወደዚህ ብቅ ካልክ ቤቱ ያንተው ነው፤ ቡናውም አዲስ ይሆናል።

የጥንት ጓደኛህ፣
ከጅማ