የሂሳብ መዝገብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ምዝገባው፣ የአመራር ምርጫውና የዓርብ ስብሰባዎቹ እንደተለመደው ተከናውነዋል። እኔ መጻፍ የምፈልገው መርካቶ ወደሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ስላደረግነው ጉብኝት ነው። «የእግር ኳስ ክበብ ዋንጫ ያመጣል፤ የእናንተ ክበብስ ምን ያመጣል?» ለሚሉን ባልደረቦች መልሳችን እዚያ ነው።

ነጋዴው ለልጆቹ ጥያቄ አቀረቡላቸው። አንድ ቸርቻሪ 50 ደርዘን ደብተር በዱቤ ወሰደ። የዝርዝር ዋጋው ለአንዱ ደርዘን 400 ብር ሲሆን፣ በብዛት ስለገዛ 10 በመቶ የንግድ ቅናሽ ተደረገለት። የመክፈያው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ ከከፈለ ደግሞ ከሚከፍለው ላይ 2 በመቶ ይቀነስለታል። ታክሱን ለልምምዱ ሲባል ተውነው።

አብዛኞቹ ሽያጩን በ20,000 ብር መዘገቡት። ደንበኛው በስምንተኛው ቀን ከፈለ ሲባሉ ጥሬ ገንዘብን 17,640፣ የሽያጭ ቅናሽን 360 ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብን 18,000 ክሬዲት አደረጉ። በደንበኛው ገጽ ላይ ግን 2,000 ብር ተንጠልጥሎ ቀረ።

በክፍል ውስጥ እምብዛም የማትናገር የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ገጹን ደጋግማ አየችና «ሰውየው ከፍሎ ከጨረሰ ይህን 2,000 ብር ማን ነው የሚከፍለን?» አለች። ወዲያው ላጲስ አንስታ 20,000ውን አጠፋችና ተሰብሳቢ ሂሳብን 18,000 ዴቢት፣ ሽያጭን 18,000 ክሬዲት ብላ ጻፈች። ለጓደኞቿም አስረዳች፦ የንግድ ቅናሹ ዋጋው ሲቆረጥ አብሮ ያለቀ ነገር ስለሆነ 20,000 ብር ማንም ዕዳ ሆኖበት አያውቅም፤ ስለዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። 2 በመቶው ግን ገዢው በፈለገው የሚወሰን ነው። በሽያጩ ዕለት ቀድሞ ይክፈል አይክፈል አይታወቅም፤ ዕዳው 18,000 ሆኖ ይቆያል፤ ቅናሹም የሚመዘገበው ገዢው ሲጠቀምበት ብቻ ነው።

«በ25ኛው ቀን ቢከፍልስ?» አሏት ነጋዴው።

«ጥሬ ገንዘብ 18,000 ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ 18,000 ክሬዲት። የሽያጭ ቅናሽ አይነካም።»

ነጋዴውም 360ውን ከሽያጩ ላይ በቀጥታ ሳይቀንሱ ለብቻው የሚያስመዘግቡት፣ ገንዘብ ቶሎ ለመሰብሰብ በዓመት ስንት እንዳስወጣቸው ለማየት እንደሆነ ነገሩን። ልጅቷ ይህን ስትሰማ በማስታወሻዋ ላይ ከሥሩ አሰመረችበት። እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያቀድነው ዐውደ ርዕይ አልተሳካም። ባለ ዓምድ የመዝገብ ወረቀት ስላልተገዛልን ልጆቹ በተራ ወረቀት ላይ በማስመሪያ እያሰመሩ ነው የሠሩት። ለሌሎች ክበባት መለያ ልብስ የሚገዛ ትምህርት ቤት ለእኛ ወረቀት መግዛት አያቅተውም። በመጪው ዓመት ይህንኑ ሽያጭ በገዢው መዝገብ በኩል እንሠራዋለን። የመዝገብ ደብተርና የሂሳብ ማሽን መለገስ የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በንግድ ትምህርት ክፍል ቢሮ ያገኙናል።