የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የስላይድ ፎቶ እርከኑን ሳይለቅ ወደ ማስታወሻ ሲገለበጥ

ክበባችን ዘንድሮ ጊዜውን በሙሉ ለማለት ይቻላል የሰጠው ለአንድ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ለ12ኛ ክፍል በሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት መምህራን የሚያሳዩትን ስላይድ ተማሪዎቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል። ፎቶው በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል። የፈተና ወቅት ሲቃረብ ግን ከዚያ ሁሉ ፎቶ መካከል የሚፈለገውን ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ተፈልጎ አይገኝም። የክበቡ አባላት ፎቶዎቹን ወደ ጽሑፍ ገልብጠን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ እናስቀምጥ ብለው ሐሳብ ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነበር።

ፊደሉን መልቀም እንደ ፈራነው አልሆነም። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ የሚስታቸውን ፊደላት ተማሪዎቹ በዓይን አይተው ያርማሉ። ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተለቀመው ጽሑፍ መስመሮቹ በሙሉ ከግራ ጠርዝ ተነሥተው አንድ ወጥ ሆነው ወጡ። ስላይድ ላይ ዋናው ሐሳብ ወደ ግራ ወጣ ብሎ፣ ዝርዝሩ ደግሞ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ይጻፋል። የትኛው ነጥብ የየትኛው ዝርዝር እንደሆነ የሚነግረን ያ ርቀት ብቻ ነው። ርቀቱ ሲጠፋ ቃላቱ በሙሉ እያሉ ትርጉሙ ይሄዳል።

ዓመቱን ሙሉ መሞከሪያችን ሆኖ የቆየውን አንድ የታሪክ ስላይድ ልጥቀስ። ርእሱ የጅቡቲ–አዲስ አበባ የባቡር መስመር ነው። ለድሬዳዋ ልጅ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ከዚራን ያቆመው ያው ባቡር ነውና። ስላይዱ ሁለት ዋና ነጥቦች አሉት፤ «የመጀመሪያው ኩባንያ» እና «ተከታዩ ኩባንያ»። በመጀመሪያው ሥር እ.ኤ.አ. በ1897 ግንባታው ከጅቡቲ መጀመሩና በ1902 መስመሩ ድሬዳዋ መድረሱ ተጽፏል። በሁለተኛው ሥር ደግሞ ግንባታው ወደ ምዕራብ መቀጠሉና በ1917 አዲስ አበባ መግባቱ ሰፍሯል። እርከኑ ከጠፋ አንድ ተማሪ ያንኑ ኩባንያ ከጅቡቲ አዲስ አበባ አድርሶት ለፈተና ሊቀመጥ ይችላል።

ቴሰራክት በተለመደው አሠራሩ ጽሑፉን ብቻ ይስጥ እንጂ እያንዳንዱ ቃል ስላይዱ ላይ የት እንደነበረ ያውቃል። ውጤቱ በሰንጠረዥ እንዲወጣ ሲታዘዝ ለእያንዳንዱ ቃል ከግራ ጠርዝና ከላይ ያለውን ርቀት፣ ስፋቱንና ቁመቱን በፒክስል ይዘረዝራል። ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
tesseract slide.png slide -l amh+eng --psm 6 tsv
```

`--psm 6` ምስሉን እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል እንዲያነበው ያዝዘዋል። ይህን ስንተወው ፕሮግራሙ ገጹን በራሱ ይከፋፍላል፤ አንዳንዴም ገባ ያሉትን መስመሮች ለብቻቸው ነጥሎ ቅደም ተከተላቸውን ያዛባል። ከሰንጠረዡ ውስጥ ለእርከን የሚያስፈልገን `left` የተባለው ዓምድ ነው፤ የየመስመሩ የመጀመሪያ ቃል ከግራ ያለው ርቀት ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ይህን ርቀት እንዳገኙ ወዲያው እርከን ለመመደብ ቸኮሉ። የባቡሩ ስላይድም ወዲያው ተበላሸ፤ «ተከታዩ ኩባንያ» የመጀመሪያው ኩባንያ ዝርዝር ሆኖ ቁጭ አለ። መንሥኤው ፎቶው ነበር። ፕሮጀክተሩ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሽቅብ ስለሚያበራ፣ ግድግዳው ላይ ያረፈው ምስል ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። በፎቶው ላይ የስላይዱ ግራ ጠርዝ ከላይ 412ኛው ፒክስል ላይ ሲሆን፣ ከታች 512ኛው ላይ ነው። በመካከሉ 100 ፒክስል ያህል ወደ ቀኝ አዘንብሏል። አንድ እርከን ግን ከሚቀጥለው የሚለየው 60 ያህል ፒክስል ነው። «የመጀመሪያው ኩባንያ» ከስላይዱ ቁመት ሩቡ ላይ፣ «ተከታዩ ኩባንያ» ደግሞ ከሁለት ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ስለተጻፈ፣ እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለቱ መስመሮች በ45 ፒክስል ተለያዩ። ይህ ከእርከኑ ግማሽ ስለሚበልጥ ፕሮግራሙ ወደ ሁለተኛው እርከን ቢመድበው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ከማንኛውም ልኬት በፊት ፎቶው መቃናት አለበት። ተማሪዎቹ የስላይዱን አራት ማዕዘኖች ፎቶው ላይ ይለዩና፣ ኢሜጅማጂክ በተባለው ፕሮግራም እነዚያን ነጥቦች ወደ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ይስባሉ፦

```
convert photo.jpg -distort Perspective \
 '412,180 0,0  1890,240 1600,0  1860,1130 1600,900  512,1180 0,900' \
 -crop 1600x900+0+0 +repage slide.png
```

በጥንድ ከተጻፉት ቁጥሮች የመጀመሪያው ማዕዘኑ በፎቶው ላይ ያለበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ሊያርፍበት የሚገባው። ሁሉንም ስላይዶች 1600 በ900 አድርገን ማውጣታችን በኋላ እጅግ ጠቅሞናል፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ከተቃና በኋላ ሁለተኛው ችግር ብቅ አለ። ዓመቱን ሙሉ ያከራከረንም እርሱ ነው። ረጅም ነጥብ በአንድ መስመር አያልቅም፤ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። የፓወርፖይንት መደበኛ ቅርጽ ደግሞ የወረደውን መስመር ከነጥብ ምልክቱ ሥር ሳይሆን ከፊደሉ ሥር ያስጀምረዋል። በዚህ ቅርጽ የነጥብ ምልክቱና ፊደሉ በሩብ ኢንች፣ አንዱ እርከንና ሌላው በግማሽ ኢንች ይራራቃሉ። ሰፊው ስላይድ 13.33 ኢንች ስለሆነ፣ ወደ 1600 ፒክስል ሲወጣ አንድ ኢንች 120 ፒክስል ይሆናል። እንግዲህ ምልክትና ፊደል በ30፣ እርከንና እርከን በ60 ፒክስል ይለያያሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው እርከን ምልክት 122 ላይ ካረፈ ፊደሉ 152 ላይ ይጀምራል። የሁለተኛው ምልክት 182 ላይ፣ ፊደሉ 212 ላይ ይውላል።

አሁን ቴሰራክት የሚያደርገውን እንመልከት። ክብ ነጥቧን አንዳንዴ እንደ ፊደል ይቆጥራታል፤ `e` ወይም `°` ብሎ ይጽፋታል። አንዳንዴ ደግሞ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይተዋታል። ሲጽፋት የመስመሩ መነሻ 122 ይሆናል፤ ሲተዋት 152። ስለዚህ አንድ ዓይነት እርከን ያላቸው ሁለት መስመሮች ሁለት ዓይነት መነሻ ይይዛሉ። በዚያ ላይ ወደ ታች የወረደው የዋናው ነጥብ ቀሪ 152 ላይ ይጀምራል፤ ይህም በሁለቱ እርከኖች ምልክቶች መካከል እኩሌታው ላይ ነው። በቁጥር ብቻ ማንም ሊለየው አይችልም።

መፍትሔውን ያመጣችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ቁጥር ለመመለስ መሞከር የለብንም አለች። አንዱ ጥያቄ «ይህ መስመር በስንተኛው እርከን ላይ ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ምልክቱን ጨርሶ ትተን የፊደሉን መነሻ ብቻ እንለካለን፤ 152፣ 212፣ 272 ሆኖ ይመጣል። የወረደው መስመርም ከባለቤቱ ፊደል ሥር ስለሚጀምር ከባለቤቱ ጋር ይመደባል። ሁለተኛው ጥያቄ «ይህ መስመር አዲስ ነጥብ ነው ወይስ የላይኛው ቀሪ?» የሚል ነው። ለዚህ ደግሞ ከፊደሉ በስተግራ ያለውን 30 ፒክስል ስፋት ያለው ቦታ ምስሉ ላይ እናያለን። ቀለም ካለ አዲስ ነጥብ ነው፤ ባዶ ከሆነ ቀሪ ነው። ቴሰራክት ምልክቷን አነበባትም አላነበባትም ለውጥ አያመጣም፤ ምክንያቱም የምናየው ምስሉን እንጂ የእርሱን ንባብ አይደለም።

ምልክቱ በፈዛዛ ብርቱካንማ ቀለም ተሠርቶ ፎቶው ላይ ሲጠፋ ይህም መንገድ ይስታል። ያን ጊዜ የላይኛውን መስመር መጨረሻ እንመለከታለን። መስመሩ እስከ ቀኝ ጠርዝ ሳይደርስ ካቆመ፣ የቀጣዩ መስመር የመጀመሪያ ቃልም በቀረው ቦታ የሚበቃ ከሆነ፣ ቃሉ ቦታ አጥቶ አልወረደም፤ ስለዚህ አዲስ ነጥብ ነው። የባቡሩ ስላይድ በዚህ መልክ ወጣ፦

```
- የመጀመሪያው ኩባንያ
  - በ1897 ግንባታው ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውን ለማቋረጥ ተጀመረ
  - በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ
- ተከታዩ ኩባንያ
  - ግንባታውን ወደ ምዕራብ ቀጠለ
  - በ1917 አዲስ አበባ ገባ
```

ከሦስተኛው መስመር በፊት ያለው ረጅሙ ነጥብ ስላይዱ ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ እዚህ ተጋጥሟል። ውጤቱን ማርክዳውን በተባለው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ስንጽፍ ለእያንዳንዱ እርከን ሁለት ክፍት ቦታ እንሰጣለን። ዋናው ነጥብ በሰረዝ ፋንታ እንደ `1.` ባለ ቁጥር ሲጀምር ግን ዝርዝሩ ሦስት ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ በሁለት ከተጻፈ ከባለቤቱ ይላቀቃል።

በፊደል መጠን እርከን እንለይ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በአንድ ስላይድ ውስጥ ይረዳል፤ ከስላይድ ስላይድ ግን አይታመንም። ጽሑፍ ሲበዛ ፓወርፖይንት ፊደሉን በራሱ ያሳንሰዋል፤ የግራ ርቀቱ ግን ባለበት ይቀራል። የአንዱ ስላይድ ዋና ነጥብ በሌላው ስላይድ ካለ ንኡስ ነጥብ ሊያንስ ይችላል። ሁሉንም ስላይዶች በአንድ መጠን ማውጣታችን የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ስላይድ ካለፈው የቀጠለ ዝርዝር ብቻ ይይዛል፤ መስመሮቹ በሙሉ 212 ላይ ናቸው። ለብቻው ቢታይ ዋና ነጥብ ይመስላል። የዚያኑ መምህር ሌሎች ስላይዶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ግን 212 የሁለተኛው እርከን ቦታ መሆኑ ይታወቃል፤ ዝርዝሩም ከቀደመው ስላይድ ባለቤቱ ሥር ይገባል።

ይህ መንገድ የማይሠራባቸው ስላይዶችም አሉ። በሁለት ዓምድ የተጻፈ ስላይድ የቀኙን ዓምድ በሙሉ እጅግ የጠለቀ እርከን አስመስሎ ያቀርበዋል፤ እርሱን አስቀድመን ለሁለት እንቆርጠዋለን። መምህሩ በታብ ፋንታ የክፍተት ቁልፍ እየደጋገመ ያስገባው ዝርዝር ደግሞ ርቀቱ ከመስመር መስመር ስለሚለያይ በእጅ ይስተካከላል። ስሕተትን ለመለየት ሁለት ነገሮችን እናያለን፦ ከአንደኛው እርከን በቀጥታ ወደ ሦስተኛው የዘለለ ቦታ፣ እና ሐሳቡ በእንጥልጥል የቀረ ነጥብ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ፎቶው በደንብ አልተቃናም ማለት ነው። ሁለተኛው ቀሪ መስመር እንደ አዲስ ነጥብ ተቆጥሯል ማለት ነው።

የታሪክና የሥነ ሕይወት ማስታወሻዎች በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭነዋል። የኬሚስትሪው ቀመርና ሥዕል ስለሚበዛበት ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። በማጠናከሪያው ክፍል ፎቶ የምታነሡ ተማሪዎች አንድ ነገር አደራ፦ ለማጉላት ብላችሁ የስላይዱን ጠርዝ አትቁረጡ። አራቱም ማዕዘኖች ፎቶው ውስጥ ካልገቡ ምስሉን የምናቃናበት ነገር አይኖረንም።