«በእጅ የተሰፋ» ብሎ ማቆም አይበቃም

ውድ አባላት፣

የላካችኋቸውን የቦርሳ ማስታወቂያዎች አነበብኩ። አብዛኞቹ «በእጅ የተሰፋ፣ እውነተኛ ቆዳ» ብለው ያቆማሉ። ይህ የዕቃው ጠባይ ነው፤ ገዢው የሚያገኘው ጥቅም ገና አልተነገረም።

ስፌቱን ብቻ እንውሰድ። በሁለት መርፌ ሲሰፋ የአንዱ ክር ሁለት ጫፎች በየቀዳዳው ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ቢበጠስ የቀረው በቀላሉ አይተረተርም። በመኪና ስፌት ግን የላይና የታች ክሮች የሚያያዙት እርስ በርስ በመቆላለፍ ስለሆነ፣ አንዱ ሲበጠስ መላላቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመታል። ገዢው ግን ስለ መርፌ አያስብም። የሚፈራው ማንጠልጠያው መንገድ ላይ ተገንጥሎ ላፕቶፑ እንዳይወድቅ ነው። እንግዲያው ለዚህ ፍርሃት ጻፉለት፦

«ላፕቶፕና መጻሕፍት ይዘው ሲሄዱ ማንጠልጠያውን በእጅዎ መደገፍ አይጠበቅብዎትም። አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የቀረው ስፌት ይዞ ቤትዎ ያደርስዎታል።»

ይህን የምትጽፉት ግን ማንጠልጠያው ራሱ በእጅ ተሰፍቶ ከሆነ ብቻ ነው። አካሉ በእጅ፣ ማንጠልጠያው በመኪና የተሰፋ ቦርሳ አለ፤ መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩ። «ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የሚለውን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አውጡት፤ ሁሉም ሻጭ ስለሚለው ማንም አይሰማውም።

የተስተካከለውን ጽሑፍ ከማንጠልጠያው መጋጠሚያ ፎቶግራፍ ጋር ላኩልኝ።