ለመዋዕለ ሕፃናታችን መጸዳጃ ቤት ግንባታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ለሐዋሳ ነዋሪዎችና ከሐዋሳ ርቃችሁ ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፦

በእድራችን ግቢ ውስጥ ለሚገኘው መዋዕለ ሕፃናት ስድስት ክፍል ያለው መጸዳጃ ቤት ለመሥራት 1,240,000 ብር እንዲሰጠን ለአንድ ለጋሽ ድርጅት ጠይቀን ነበር። ድርጅቱ የፈቀደልን 800,000 ብር ነው። ከዚህ በታች የምንገልጸው በተፈቀደው ገንዘብ ምን እንደምንሠራ፣ የትኛውን እንደተውንና እናንተን የምንጠይቀው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ አብዛኞቻችን የደገፍነው ሐሳብ ከእያንዳንዱ ሥራ ሲሶ ያህል እንቀንስ የሚል ነበር። ለማንም የማያዳላ ስለመሰለን ወደድነው፤ ነገር ግን ግንበኛው ዝርዝሩን አይቶ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ላይ ጣቱን አሳረፈና «ከዚህ ላይ ሲሶውን ካነሳችሁ የቀረውን ባትሠሩት ይሻላል» አለን። ምክንያቱን በዓይናችን አይተነዋል። ሰፈራችን ለሐይቁ ቅርብ በመሆኑ የከርሰ ምድር ውኃው ጥልቅ አይደለም፤ በነሐሴ ለሙከራ ያስቆፈርነው ሁለት ሜትር ጉድጓድ በማግስቱ ጠዋት እስከ ጉልበት ውኃ ይዞ አገኘነው። ግድግዳው በኮንክሪት ያልተሠራ ጉድጓድ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በክረምት ውኃ ያስገባል፤ ሲሞላም ፍሳሹን ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ያወጣዋል።

ስለዚህ ዝርዝሩን እንደገና ስናየው ስለ እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ነገር ጠየቅን፤ ይህ ባይኖር የቀረው አገልግሎት ይሰጣል ወይ? ዛሬ ቢቀር በኋላ የተሠራውን ሳናፈርስ ልንጨምረው እንችላለን ወይ? ማጠራቀሚያው በሁለቱም ጥያቄ የማይነካ ሆነ። ከመሬት በታች ያለ ነገር ከተቀበረ በኋላ አይሰፋምና፣ አሁን የምንሠራው ሦስት ክፍል ብቻ ቢሆንም ማጠራቀሚያውን ለስድስት ክፍል በሚበቃ መጠን፣ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ቱቦ በሚደርስበት በአጥሩ በኩል፣ በ310,000 ብር እንሠራዋለን።

ክፍሎቹ ግን አንድ በአንድ ሊጨመሩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ መሽኛ ይመክራል። እኛ ያሉን 44 ሴቶችና 40 ወንዶች ሕፃናት ስለሆኑ፣ ሁለት ክፍል ለሴቶች፣ አንድ ክፍል ከመሽኛ ጋር ለወንዶች ከሆነ ልጆቹ አይቸገሩም። የሦስቱ ዋጋ፣ መሽኛውን ጨምሮ፣ 210,000 ብር ነው። ለእጅ መታጠቢያው፣ ለሮቶውና ለውኃ መስመሩ 130,000 ብር ይዘናል።

ብዙ ያከራከረን ለአካል ጉዳተኞች የሚሆነው መወጣጫ፣ የእጅ መደገፊያና ሰፊ በር ነው። ዋጋው 45,000 ብር ነው፤ «በኋላ ይጨመራል» ያሉም ነበሩ። ነገር ግን የበሩ ስፋት የሚወሰነው ግድግዳው ሲገነባ ነው፤ በኋላ ማስፋት ማለት ግድግዳ ማፍረስ ማለት ነው። በመዋዕለ ሕፃናቱ በክራንች የምትሄድ አንዲት ልጅ ስላለችን ይህ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአንዱ እንዲሠራ ወስነናል።

መጠባበቂያ የያዝነውን 70,000 ብርም አልነካነውም። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ውኃ የሚያመነጭ ጉድጓድ ፓምፕ ተከራይቶ ማድረቅ ሊጠይቅ ስለሚችል በእኛ ሁኔታ ያለ መጠባበቂያ መጀመር ሥራውን መሃል ላይ ማቆም ይሆናል። ለሴራሚክ የታሰበውን 140,000 ብር ሰርዘን በምትኩ በ35,000 ብር ለማጠብ የሚመች የሲሚንቶ ልስን እናስለስናለን፤ 60,000 ብር የተያዘለትን ቀለምና የበር ማስጌጫም ሙሉ በሙሉ ትተናል። እነዚህን እናንተንም አንጠይቅም።

ውሉን ከመፈረማችን በፊት ለለጋሹ የተሻሻለውን ዕቅድ በደብዳቤ ልከን፣ በ800,000 ብር የምናስረክበው ሦስት ክፍል እንጂ ስድስት እንዳልሆነ በጽሑፍ አረጋግጠናል። በሦስት ክፍል ገንዘብ ስድስት ቃል ብንገባ ኖሮ በርክክቡ ቀን ጥፋተኛ የምንሆነው እኛ ነበርን።

ከእናንተ የምንጠይቀው 275,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 210,000 ብሩ ለቀሩት ሦስት ክፍሎች ነው፤ እነዚህ ለመምህራን፣ እንዲሁም በለቅሶና በስብሰባ ቀን ወደ ግቢው ለሚመጡ አዛውንቶች የሚያገለግሉ ናቸው። አንዱ ክፍል 70,000 ብር ስለሚፈጅ፣ ይህን ያህል በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ክፍል እናስጀምራለን እንጂ ሙሉው እስኪሞላ አንጠብቅም። 65,000 ብሩ ለመብራት መስመር ሲሆን፣ ልጆቹ የሚጠቀሙት በቀን ስለሆነ በመጨረሻ ተራ አስቀምጠነዋል። ከዚህ ተራ ወጥታችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ ልትሰጡ ከፈለጋችሁ ስትሰጡ ንገሩን፤ ገንዘቡን ለዚያው እንይዘዋለን።

ቁፋሮው ውኃው በሚወርድበት በጥር ይጀመራል። መዋጮውን በእድሩ የባንክ ሒሳብ ማስገባት ወይም እሑድ ከስብሰባ በኋላ ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቶ ደረሰኝ መቀበል ይቻላል፤ የተሰበሰበውና የወጣው በየወሩ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የእድሩ የግንባታ ኮሚቴ፣ ሐዋሳ