ከቀኝ የሚመጣው ለምን ይቀድማል? የትራፊክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትራፊክ ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ጊዜውን የሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነው። መብራት፣ ምልክትም ሆነ ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ሁለት ተሽከርካሪዎች እኩል ቢደርሱ ቅድሚያ የማን ነው? በጅማ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ውስጥ ገባ ሲባል እንዲህ ያለ መስቀለኛ ብዙ ስለሆነ፣ ጥያቄው ተማሪዎቻችን በየቀኑ በእግርም በባጃጅም የሚያልፉበት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአባላቱ የሰማናቸው መልሶች «ትልቁ መኪና»፣ «ቀድሞ ክላክስ የነፋው» እና «ቀጥታ የሚሄደው» የሚሉ ነበሩ። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ይኸው ነው። ሕጉ ግን በመጠን ወይም በጩኸት አይለካም፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር በቀኙ በኩል ተሽከርካሪ የሚመጣበት አሽከርካሪ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 18 የሚለውም ይህንኑ ነው።

ተማሪዎቹ «ለምን ቀኝ?» ብለው ሲጠይቁ የመረብ ኳስ ሜዳው ላይ እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መንገዶች በኖራ አሰመርን፤ ለአንድ አቅጣጫ 3 ሜትር ማለት ነው። ባጃጁ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አይሱዙው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያልፍ ከባጃጁ በስተቀኝ ይመጣል። ሁለቱም የመስቀለኛውን ጠርዝ እኩል ረገጡ እንበል። አይሱዙው ጠርዙን እንዳለፈ ወዲያው የባጃጁ መስመር ውስጥ ነው። ባጃጁ ግን የአይሱዙው መስመር ላይ ለመድረስ ገና 3 ሜትር ይቀረዋል፤ አንድ ባጃጅ ሊቆምበት የሚችል ቦታ። ለመቆም ቦታ የተረፈው ያሳልፋል፣ ያልተረፈው ያልፋል። ኖራውን በእግሩ የረገጠ ተማሪ ከዚያ በኋላ ቀኝና ግራ አልተምታታበትም። ይህ ስሌት የሚሠራው በቀኝ ስለምንነዳ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው።

«እኩል መድረስ» እንዴት ይታወቃል የሚለው ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወስዶብናል። አንዱ ተማሪ በካርቶን የተሠራ መስኮት ፊቱ ላይ ይዞ በአንዱ መንገድ ሲራመድ ሌላው በሌላኛው ይራመዳል። ከቀኝ የሚመጣው ጓደኛው በመስኮቱ ላይ ወደ መሐል እየተንሸራተተ ከታየ ቀድሞ ያልፋል፤ ወደ ቀኝ ጠርዝ እየሸሸ ከታየ ኋላ ይቀራል። ባለበት ነጥብ ላይ ቆሞ እየተለቀ ብቻ ከመጣ ግን ሁለቱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። አደገኛው ይኸኛው ነው፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ዓይንን አይስብም፣ የመስታወቱ ቋሚ ጀርባ ከገባም እዚያው ተደብቆ ይመጣል። በዝናብ ወቅት ጎኑ በላስቲክ የተሸፈነ ባጃጅ ላይ ይብሳል። መፍትሔው አንገትን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሶ ከቋሚው ጀርባ ማየት ነው።

ፍጥነትንም አስልተናል። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ብንሰጠው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 13 ሜትር ያህል፣ በእርጥብ 17 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ጭቃ የለበሰ ኮብልስቶን ላይ ከዚህም ይረዝማል። የቆርቆሮ አጥር ጥጉን ሸፍኖት የሚመጣው የሚታየው 6 ሜትር ሲቀር ብቻ ከሆነ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ካልሆነ ቅድሚያ የመስጠት ሐሳብ ቢኖርም መቆሚያ የለም።

ተማሪዎች እስከ መጨረሻው የተሳሳቱበት ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ከመጡ አንዱ ለሌላው ቀኝ ስላልሆነ ቀጥታ የሚሄደው ያልፋል፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው ይጠብቃል። ይህን የያዙ ልጆች «ቀጥታ ሁልጊዜ ይቀድማል» ብለው ደመደሙ። አይደለም። አይሱዙው ከቀኝ መጥቶ ወደ ግራ ፍሬቻ ቢያሳይም፣ ቀጥታ የሚሄደው ባጃጅ ያሳልፈዋል።

በሰኔ የመጨረሻ ስብሰባ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አራቱም መንገዶች ላይ ተሽከርካሪ ቢቆምስ አለች። ሁሉም በቀኙ ሰው ስላለው የቀኝ ደንብ መልስ የለውም፤ አንዱ በእጁ ምልክት በግራው ያለውን ማሳለፍ አለበት። በኖራው ላይ ሞከርነው፤ የመጀመሪያው እንዳለፈ በእሱ ግራ ያለው ቀኙ ነጻ ይሆንለታል፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። መጀመሪያ እጁን ያነሳው መጨረሻ ያልፋል።